ማር ለሚከረክር ጉሮሮ፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ፈጽሞ

ጉንፋን ብዙ ጊዜ መምጣቱን የሚያሳውቀው በጉሮሮ ነው። ጉሮሮ ይከረክራል፣ ምራቅ ሲዋጥ ያቃጥላል፣ ማታ ጋደም ሲባል ደግሞ ደረቅ ሳል ይነሣል። በዚህ ጊዜ በአብዛኛው የኢትዮጵያ ቤት ከሚደረጉት ነገሮች የመጀመሪያው ለብ ባለ ውሃ ወይም በሻይ ማር በጥብጦ መጠጣት ነው። ሎሚ የሚጨምቅበት አለ፣ ዝንጅብል የሚያፈላበት አለ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሶ የሚወስድም አለ። በሁሉም ውስጥ የማይቀረው ማሩ ነው። ልማዱ መሠረት አለው፤ ማር ሳልን እንደሚያስታግስ በጥናት ታይቷል። ይኸው ማር ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን እስትንፋስን እስከ ማቆም ለሚደርስ ሽባነት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም የሚገቡት ማር በውስጡ ያለውን ነገር እንዴት እንደሚያቆይ ሲታወቅ ነው።

ማር ጉሮሮን የሚያስታግሰው እንዴት ነው?

የጉንፋን ቫይረስ የጉሮሮን ስስ ሽፋን ያስቆጣዋል። የተቆጣው ሽፋን ያብጣል፣ ይደርቃል፣ ከሥሩ ያሉት የነርቭ ጫፎችም ከወትሮው ይልቅ በቀላሉ ይነካሉ። በአፍ የሚተነፍስ ቀዝቃዛ አየር ወይም ከአፍንጫ ወደ ኋላ የሚወርድ ንፍጥ እነዚህን ጫፎች ሲነካ ሳል ይመጣል። ሳሉ ራሱ ሽፋኑን መልሶ ይልጠዋል፤ የተላጠው ሽፋን ደግሞ ሌላ ሳል ይጠራል።

ማር ይህን ዑደት የሚያላላው በመጀመሪያ በወፍራምነቱ ነው። ከክብደቱ ሰማንያ በመቶ ገደማ ስኳር፣ ከ17 እስከ 18 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። ሲዋጥ በጉሮሮው ላይ ስስ ልባስ ይተዋል፤ ልባሱም የተቆጣውን ሽፋን ለጥቂት ጊዜ ከአየርና ከንፍጥ ይጋርደዋል። ጣፋጭነቱ ደግሞ ምራቅን ያበዛል፤ ምራቅ ሲበዛ ሰው ደጋግሞ ይውጣል፣ የደረቀውም ጉሮሮ ይርሳል። ለብ ያለው ውሃ ወይም ሻይ የራሱ ድርሻ አለው፤ ያረጥባል፣ የረጋውን አክታ ያቀጥናል።

ማር ባክቴሪያን የሚጎዱ ባሕርያትም አሉት። ኮምጣጣ ነው፤ ስኳሩ ውሃን አጥብቆ ስለሚይዝ ተህዋስ የሚራባበት ነፃ ውሃ አያገኝም፤ በውሃ ሲቀጥን ደግሞ ንቧ የጨመረችበት ኢንዛይም ጥቂት ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል። ስለዚህ ማር ለቁስል ልባስ ሲያገለግል ኖሯል። ጉሮሮ ላይ ግን ከዚህ ብዙ መጠበቅ አይገባም። ማሩ በጉሮሮ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ጉንፋንን የሚያመጣው ደግሞ ከሽፋኑ ሕዋሳት ውስጥ የገባ ቫይረስ ነው። ማር ሕመሙን አያድንም። ሰውነት ራሱ ቫይረሱን እስኪያሸንፍ ድረስ ሳሉን ያቀላል፣ እንቅልፍንም ይመልሳል።

ጥናቶች ምን አሳዩ?

በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ከ2 እስከ 18 ዓመት የሆናቸውን 105 ልጆች በሦስት ቡድን ከፈለ። ሁሉም በጉንፋን ምክንያት ሌሊት የሚያስሉ ነበሩ። አንዱ ቡድን ከመኝታ በፊት ማር ወሰደ፣ ሁለተኛው ዴክስትሮሜቶርፋን የሚባለውን የታወቀ የሳል መድኃኒት በማር ጣዕም ተሠርቶለት ወሰደ፣ ሦስተኛው ምንም አልወሰደም። በማግሥቱ ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ሳልና እንቅልፍ ሲጠየቁ የተሻለ ውጤት የተሰጠው ለማሩ ነበር። መድኃኒቱ ምንም ካለመውሰድ ጎልቶ የሚታይ ብልጫ አላሳየም።

በእስራኤል የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት የሆናቸውን 300 ልጆች ይዞ ተነሣ። ከመኝታ ግማሽ ሰዓት በፊት ከሦስት ዓይነት ማር አንዱን 10 ግራም የወሰዱ ልጆች፣ ማር የሚመስል የቴምር ጭማቂ ከወሰዱት ይልቅ ሌሊቱን በቀላሉ አሳለፉ። በቴምር ጭማቂው ቡድን ያሉትም ቢሆኑ ከቀደመው ሌሊት ተሽሏቸዋል። ይህም ሁለት ነገር ያስረዳል። የመጀመሪያው፣ ጉንፋን በራሱ እየተሻለ የሚሄድ ሕመም መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ማንኛውም ወፍራምና ጣፋጭ ነገር በመጠኑ ጉሮሮን ሊያለዝብ መቻሉ ነው። ማሩ ያሳየው ብልጫ ከዚህ በላይ ያለው ነው፤ ትልቅ ባይሆንም ለደከመ ልጅና ላልተኛ ወላጅ ይታወቃል።

አዘገጃጀትና መጠን

ውሃው ወይም ሻዩ ይፈላል፤ ከዚያም ያለ ችግር ሊጠጣ እስኪችል ይቀዘቅዛል። ማሩ የሚጨመረው ያኔ ነው። የፈላ ውሃ ላይ ቢጨመር መርዝ አይሆንም፤ መዓዛው ግን ይጠፋል፣ ሙቀት የማይችለው ኢንዛይምም ይበላሻል። ከዚህ በላይ ደግሞ በጣም ትኩስ መጠጥ የተቆጣውን ጉሮሮ ያቃጥለዋል። ለአዋቂ በአንድ ኩባያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ይበቃል። ሎሚ ለጣዕምና ምራቅ ለማብዛት ይጠቅማል፤ ጉሮሮው የተላጠ ያህል ለሚያቃጥለው ሰው ግን ኮምጣጣው ሊያሳምመው ስለሚችል መተው ይሻላል።

ለልጆች መጠኑ እንደ ዕድሜያቸው ነው። ዓመት ካለፋቸው ጀምሮ እስከ አምስት ዓመት ላሉት ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ከስድስት እስከ አሥራ አንድ ዓመት ላሉት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ከዚያ በላይ ላሉት ሁለት የሻይ ማንኪያ ይሰጣል። እንዲሁ በማንኪያ ቢላስም ሆነ ለብ ባለ ውሃ ቢበጠበጥ ልዩነት የለውም። ከሁሉ የሚመረጠው ሰዓት ከመኝታ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥርስ መታጠብ አለበት፤ በጥርስ ላይ የሚያድር ማር ከስኳር አይለይምና።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ገደማ ስኳር እንደያዘ ማወቅና ከዕለቱ ምግቡ ጋር መደመር ይኖርበታል። ማር የተፈጥሮ መሆኑ የደም ስኳርን ከመጨመር አያግደውም።

ማር የማይበቃበት ጊዜ

ጉሮሮን የሚያሳምመው ሁሉ ጉንፋን አይደለም። በተለይ ለትምህርት በደረሱ ልጆች ላይ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ የቶንሲል ሕመም ያመጣል። ይህ ሕመም ድንገት ይጀምራል፤ ትኩሳት አለው፣ ምራቅ መዋጥ ያስጨንቃል፣ ቶንሲሉ ይቀላል ወይም ነጭ ነገር ይታይበታል፣ በአንገት በኩል ያለው ዕጢ ሲነካ ያማል። ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ አብረው አይኖሩም። ከጉንፋን የሚለየውም በዚህ ነው።

ይህ ባክቴሪያ በጊዜ ካልታከመ የሰውነት መከላከያ የገዛ ልብን እንዲያጠቃ ሊያደርገው ይችላል፤ ሪውማቲክ የሚባለው የልብ ሕመም መነሻው ይህ ነው። በኢትዮጵያ የልብ ቫልቭ የተበላሸባቸው ብዙ ወጣቶች ሕመማቸው የጀመረው በልጅነት የቶንሲል ሕመም ነው። ፔኒሲሊን ይህን መንገድ ይዘጋል፤ ማር አይዘጋም። ከላይ የተባሉት ምልክቶች ያሉበት ልጅ ማሩን እየጠጣም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳልም ለቲቢ መመርመር አለበት፤ ደም የቀላቀለ አክታ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም መዋጥ አለመቻል ካለ ደግሞ አንድም ቀን መዘግየት አይገባም።

በማር ውስጥ የሚተኛው ስፖር

ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ በዓለም ሁሉ አፈርና አቧራ ውስጥ ይገኛል። ኑሮው አየር በሌለበት ነው። የሚበላው ሲያጣ ወይም አየር ሲያገኘው ራሱን በጠንካራ ሽፋን ጠቅልሎ ስፖር ወደሚባል ሁኔታ ይገባል። ስፖሩ አይበላም፣ አይራባም፣ መርዝም አያመነጭም፤ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። እርጥበት፣ ምግብና አየር የሌለበት ምቹ ቦታ ሲያገኝ እንደገና ነቅቶ ይራባል።

ንብ ከአበባ ወደ አበባ ስትሄድ፣ ከኩሬ ውሃ ስትቀዳ፣ አቧራም ሲነፍስ ስፖሩ ወደ ቀፎ ሊገባ ይችላል። ማሩ ሲቆረጥ፣ ሲጣራና ሲሸጥም አፈር የሚነካበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ሥጋቱ በአንድ ዓይነት ማር ብቻ አይወሰንም። ነጭ ይሁን ቀይ፣ የባህላዊ ቀፎ ይሁን የዘመናዊ፣ ከነሰፈፉ ይሁን ተጣርቶ በጠርሙስ የታሸገ፣ ማንኛውም ማር ስፖር ሊኖርበት ይችላል። በኢትዮጵያ ለሳልና ለጉንፋን ከሁሉ የሚፈለገው የጣዝማ ማር ደግሞ የሚገኘው ከመሬት ውስጥ ተቆፍሮ ነው፤ ስፖሩ የሚኖርበት አፈር የጣዝማዋ ቤት ነው። ስለዚህ ጣዝማ ለሕፃን ይሻላል የሚለው እምነት ትክክል አይደለም።

ማር ተህዋስን የሚጎዳ ከሆነ ይህን ስፖር ስለምን አይገድለውም? ማር የሚያደርገው እንዳይነቃ መከልከል ነው። ውሃው ጥቂት፣ ኮምጣጣነቱም ብዙ ስለሆነ ስፖሩ ማሩ ውስጥ አይራባም፤ ግን አይሞትም። ማሩ ሳይበላሽ ለዓመታት ሲቀመጥ በውስጡ ያለውም ስፖር አብሮ ይቆያል። ሲታይ፣ ሲሸተትም ሆነ ሲቀመስ ስፖር ያለበት ማር ከሌለበት አይለይም። ስኳር ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ማር መሆኑም ዋስትና አይሰጥም፤ ስፖሩ የሚመጣው ከተፈጥሮ እንጂ ከአጭበርባሪ ነጋዴ አይደለምና።

ማፍላትም አያድንም። ስፖሩ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ለሰዓታት መቆየት ይችላል። ለመግደል 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት በከፍተኛ ግፊት ያስፈልጋል፤ ይህም የቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ ክፍት ድስት አይሞቅም። ስለዚህ በአጥሚት ውስጥ የተቀቀለ፣ በዳቦ የተጋገረ ወይም በሻይ የፈላ ማር ለሕፃን ከጥሬው ማር አይሻልም።

የሕፃን አንጀት ልዩነት

አዋቂ ሰው እነዚህን ስፖሮች ሳያውቅ ከአትክልት፣ ከአቧራና ከማር ጋር ይውጣል፤ ምንም አይሆንም። በአዋቂ አንጀት ውስጥ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎች ቦታውንም ምግቡንም ይዘውታል፤ ስፖሩ ቢነቃ እንኳ የሚራባበት አያገኝም። ሰው የማይፈልገው እንግዳ ሁሉም ወንበር በተያዘበት ቤት ገብቶ እንደሚወጣ፣ ስፖሩም ሳይራባ ከሰገራ ጋር ይወጣል።

አዲስ የተወለደ ሕፃን አንጀት ግን ገና አልሞላም። ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች ቀስ በቀስ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ነው የሚሰፍሩት። ስፖሩን ለመከልከል የሚረዱት የሐሞት አሲዶችም በሕፃን አንጀት ውስጥ ያንሳሉ። ስፖሩ በትልቁ አንጀት ውስጥ እርጥበት፣ ምግብና አየር የሌለበት ቦታ ያገኛል፤ ይነቃል፣ ይራባል፣ መርዙንም እዚያው ያመርታል። ይህ ሕመም የሕፃናት ቦቱሊዝም ይባላል። ከተበላሸ የታሸገ ምግብ የሚመጣው ቦቱሊዝም ከዚህ የሚለየው ሰውየው በምግቡ ውስጥ የተዘጋጀ መርዝ በመዋጡ ነው፤ ሕፃኑ ግን የሚውጠው ስፖሩን ብቻ ነው፣ መርዙ የሚሠራው በራሱ ሆድ ውስጥ ነው።

ከታመሙት ሕፃናት እጅግ የሚበዙት ስድስት ወር ያልሞላቸው ናቸው። ክልከላው እስከ አንድ ዓመት የተራዘመው አንጀቱ የሚዘጋጅበት ቀን ከሕፃን ሕፃን ስለሚለያይና ትልልቆቹም አልፎ አልፎ ስለሚታመሙ ነው።

መርዙ በደም ይሰራጭና ነርቭ ከጡንቻ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ያርፋል። ነርቭ ጡንቻን የሚያዘው አሴቲልኮሊን በሚባል ኬሚካል ነው፤ መርዙ ይህ ኬሚካል እንዳይወጣ ይዘጋዋል። ጡንቻው ጤነኛ ነው፣ አንጎልም ይሠራል፤ ትእዛዙ ግን አይደርስም። ሕፃኑ ያያል፣ ይሰማል፣ ይራባል፤ መንቀሳቀስ ግን ያቅተዋል።

ሕመሙ እንዴት ይሄዳል?

የተለመደውን አካሄድ በአንድ የሦስት ወር ሕፃን ላይ ማየት ይቻላል። ሕፃኑ ጤነኛ ነው፣ ጡት ይጠባል። ጉንፋን ያዘውና አፍንጫው ተዘጋ፤ ቤተ ዘመድ በመከረው መሠረት ማር በጣት እየተነከረ ለሁለት ለሦስት ቀን አፉ ውስጥ ተደረገለት። ጉንፋኑ ለቀቀው። ማሩም ተረሳ።

ስፖሩ ከተዋጠ በኋላ ምልክት እስኪታይ ከሦስት ቀን እስከ ሠላሳ ቀን ሊወስድ ይችላል። በዚህ ሕፃን ላይ ማሩን ከቀመሰ ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የመጀመሪያው ምልክት መጣ፤ ለሦስት ቀን ሰገራ አልወጣውም። የአንጀትን ጡንቻ መርዙ አዳክሞታል። የሆድ ድርቀት በሕፃናት ላይ የተለመደ ስለሆነ ማንም አልደነገጠም።

ከዚያ በኋላ እናት ጡት ማጥባቱ ላይ ለውጥ አየች። ሕፃኑ ጡቱን ይይዛል፣ ግን አጥብቆ አይስብም፤ ጡቷ ሳይጎድል ይደክመዋል። ወተቱ በአፉ ዳር ይፈሳል። ለቅሶው ቀጥኖ እንደ ሲቃ ሆነ። የዓይኑ ቆብ በግማሽ ወረደ፤ ፊቱ ላይ ፈገግታ ጠፋ፣ እንቅልፋም መሰለ። ሲያቅፉት ቀድሞ ቀና ያደርገው የነበረው ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ወደቀ፤ እጅና እግሩ ለሰለሰ። ድክመቱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ መጀመሪያ ዓይንና ፊት፣ ከዚያ ጉሮሮና አንገት፣ በመጨረሻም ክንድ፣ ደረትና እግር። ትኩሳት ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። ከዚህ አልፎ የሚዋጥበትና የሚተነፍስበት ጡንቻ ሲደክም ምራቁ ወደ ሳንባው ሊገባ፣ ትንፋሹም ሊቆም ይችላል።

ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ይህ ሁኔታ በመጀመሪያ የሚመስለው የደም መመረዝ ወይም ማጅራት ገትር ነው፤ ሁለቱም ሕፃንን ያደክማሉና። ስለዚህ ወላጅ ሊናገረው የሚገባ ትልቁ ነገር ሕፃኑ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ማር መቅመሱን ነው። ይህን ሳያውቁ የሚሰጡት ሕክምና ሊጎዳም ይችላል። ለሕፃናት የደም መመረዝ በተለምዶ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ጄንታማይሲን ራሱ የነርቭና የጡንቻን ግንኙነት ስለሚያዳክም፣ በቦቱሊዝም የታመመ ሕፃን ላይ ሽባነቱን ሊያባብሰው ይችላል። የቤተሰቡ አንድ ዓረፍተ ነገር የሐኪሙን ምርጫ ይለውጣል።

ምርመራው የሚረጋገጠው በሰገራ ውስጥ መርዙን ወይም ባክቴሪያውን በማግኘት ነው፤ ሕክምናው ግን ውጤቱ እስኪመጣ አይጠብቅም። ሕፃኑ በሆስፒታል ይተኛል፤ መዋጥ ካልቻለ በቱቦ ይመገባል፣ ትንፋሹ ከደከመ በመተንፈሻ መሣሪያ ይረዳል። በካሊፎርኒያ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት የተዘጋጀና እ.ኤ.አ. በ2003 የተፈቀደ ከሰው ደም የሚወጣ ፀረ መርዝም አለ፤ በጊዜ ሲሰጥ አማካይ የሆስፒታል ቆይታን ከ5.7 ሳምንት ወደ 2.6 ሳምንት አሳጥሯል። ነርቭ ላይ አስቀድሞ የተጣበቀውን መርዝ ግን አያስለቅቅም። ሕፃኑ ሙሉ በሙሉ የሚያገግመው ነርቮቹ አዲስ ጫፍ ሲያበቅሉ ነው፤ ይህም ሳምንታትና ወራት ይወስዳል። ጥሩ የሆስፒታል እንክብካቤ ያገኙት ከሞላ ጎደል ሁሉም ይድናሉ። አደጋው የሚበረታው የመተንፈሻ እርዳታ በማይደርስበት ቦታ ነው።

ማሩ መጠርጠር የጀመረው መቼ ነው?

ሕመሙ ራሱን ችሎ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ ነው። ተመራማሪዎች ሕፃናቱ ከመታመማቸው በፊት የወሰዱትን ሁሉ ሲያጣሩ ከምግብ ውስጥ ደጋግሞ የተገኘው ማር ነበር፤ ሕፃናቱ ከበሉት ማርም ስፖሩ ወጣ። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1979 ታተመ፤ ከዚያ ወዲህ የጤና ባለሙያዎች ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር እንዳይሰጥ ያስጠነቅቃሉ። የታመሙት ሕፃናት ሁሉ ማር የቀመሱ አይደሉም፤ ብዙዎቹ ስፖሩን ያገኙት ከአቧራ ነው። አቧራን ከሕፃን ማራቅ አይቻልም፤ ማርን ግን ይቻላል።

ማሩ የሚገባበት መንገድ ሁልጊዜ ማንኪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ቴክሳስ አራት ሕፃናት በዚሁ ሕመም ሆስፒታል ገቡ። አራቱም ይጠቡት የነበረው ማር የተሞላበት የሕፃን መጥቢያ ጡጦ ጫፍ ከሜክሲኮ የተገዛ ነበር። ማሩ እንዲበላ የታሰበም ላይሆን ይችላል፤ ግን ጫፉ ሊበሳ ወይም ሊያፈስ ይችላል።

በኢትዮጵያ ቤት ማር ወደ ሕፃን የሚደርስባቸው መንገዶች

በአንዳንድ አካባቢ አራስ ሕፃን የመጀመሪያውን ጡት ከመጥባቱ በፊት ቅቤ ወይም ማር ይልሳል፤ ሆዱን ያጸዳል፣ ድምፁን ያሳምራል ይባላል። ይህ ማር የሚሰጠው ሕፃኑ በጣም በሚያሰጋው ዕድሜ ላይ ሳለ ነው፤ ከዚያም በላይ እንገሩን ያዘገይበታል። በሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ለአራስ የሚደረገው ታህኒክ በቴምር መሆኑ ይታወቃል፤ ቴምር ጠፍቶ ማር የሚተካበት ቦታ ካለ ግን እዚያው መቅረት አለበት።

ሌሎቹ መንገዶች የሚታዩት በኋላ ነው። ምግብ ሲጀመር አጥሚት ወይም ገንፎ በማር ይጣፍጣል፤ ጥርስ ሲያወጣ ድዱ በማር ይታሻል፤ ሲያስል ሳል ማስታገሻ ነው ተብሎ ማር በዳማከሴ ወይም በጤና አዳም ይሰጣል። ከመድኃኒት ቤት የሚገዙ አንዳንድ የሳል ሽሮፖችም ማር አለባቸው፤ ከመስጠት በፊት በላያቸው የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። በሁሉም ላይ ደንቡ አንድ ነው። ጥቂት ጠብታም፣ የተቀቀለም፣ የተበጠበጠም ማር አንድ ዓመት እስኪሞላ አይሰጥም። መጠን እያነሡ መስጠት የሚረዳ አይደለም፤ ለሕመሙ ጥቂት ስፖር ሊበቃ ይችላል።

የምታጠባ እናት ግን ማር ልትበላና በሻይዋ ልትጠጣ ትችላለች። ስፖሩ ከአንጀቷ ወደ ወተቷ አይሻገርም። መጠንቀቅ ያለባት ማር የነካ እጇን ሳትታጠብ ሕፃኑን እንዳትመግብና የጡቷን ጫፍ በማር እንዳትቀባ ብቻ ነው። ነፍሰ ጡርም እንዲሁ አትከለከልም።

ለሚያስል ሕፃን ምን ይደረግ?

ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን የጉሮሮ ማርጠቢያው የእናት ጡት ነው፤ ሲታመም አዘውትሮ መጥባት አለበት። ውሃም ሻይም አያስፈልገውም፤ ሻይ የብረት ማዕድንን መቀበል ይቀንሳልና ከዚያ በኋላም ለሕፃን አይመረጥም። አፍንጫው ከተዘጋ ከመድኃኒት ቤት የሚገኝ የሕፃናት የጨው ውሃ ጠብታ ከመጥባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ይጨመርለታል፤ ንፍጡ ሲቀጥን ይወጣል፣ እየተነፈሰም መጥባት ይችላል። ስድስት ወር ካለፈው በኋላ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ በጥቂቱ ሊጨመር ይቻላል።

ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ ትንፋሹን በመቁጠር ይታወቃል። ሕፃኑ ጸጥ ብሎ ሳለ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ደረቱ ሲነሣ ይቆጠራል። ሁለት ወር ላልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ላለው 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጥኗል፤ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ከጎድን አጥንቱ በታች ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ካልቻለ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ለመነቃቃት ከተቸገረ ወዲያው መወሰድ አለበት። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ትኩሳት ካለውም እንዲሁ።

ማር አስቀድሞ ከተሰጠው ደግሞ እንዲያስታውክ ማድረግ ወይም የሆድ ማጠቢያ መስጠት አይረዳም፤ ሊጎዳው ይችላል። ማር የቀመሱት አብዛኞቹ ሕፃናት አይታመሙም፤ ማር ሁሉ ስፖር ያለበት አይደለምና። የሚደረገው መስጠቱን ማቆምና ለሠላሳ ቀን መከታተል ነው። የሆድ ድርቀት ከመጥባት መድከም፣ ከቀጠነ ለቅሶ ወይም ከወረደ የዓይን ቆብ ጋር ከተገናኘ ቀን ሳይቆጠር ሆስፒታል መሄድና ማሩን ለሐኪሙ መናገር ያስፈልጋል።

ከመጀመሪያው ልደት በኋላ ሁኔታው ይለወጣል። ጤነኛ ልጅ አንጀቱ በራሱ ባክቴሪያዎች ስለሞላ ስፖሩ አያሰጋውም፤ ያኔ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር ከመኝታ በፊት ሊሰጠው ይቻላል። ማሩን ከልጁ ማንኪያ ጋር ማገናኘት የሚቻለው ዓመቱን ከደፈነ በኋላ ነው፤ አንድ ቀንም አስቀድሞ አይደለም።